ከፊራ ሲነጋ፦ ፊደልን ከከበሮ ምት ጋር የማስኬድ ትምህርት

አዘጋጅ፦ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የቪዲዮ ቡድን

በዚህ እትም «ሊሪክስ ቪዲዮ» የሚባለውን ነገር እንዴት እንደሚሠራ እጽፍላችኋለሁ። ሊሪክስ ቪዲዮ ማለት ዘፈኑ ሲዘፈን ግጥሙ በስክሪን ላይ እየተንቀሳቀሰ የሚወጣበት ቪዲዮ ነው። ዩቲዩብ ላይ ብዙ አይታችኋል። እኔ የምነግራችሁ ግን በጌጡ ላይ ሳይሆን በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ቃሉ ከምቱ ጋር እኩል እንዲወጣ ምን ማድረግ እንዳለብን።

ለምን ይህን መረጥኩ? ክበባችን ቪዲዮውን የሚሠራው ለ1ኛ ክፍል ልጆች ነው። እነሱ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ከስክሪን እያነበቡ ይዘምራሉ። እንደምታውቁት እኛ መጋላ ውስጥ ብዙ ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ነው። አማርኛን ገና እያነበቡ ነው የሚለምዱት። ቃሉ ከድምፁ ከዘገየ ልጆቹ ማንበቡን ትተው ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ቶሎ ካለፈ ደግሞ ግማሹ ላይ ይቀራሉ። ለትልቅ ሰው ትንሽ የምትመስል ግማሽ ሰከንድ ለነሱ አንድ ሙሉ ቃል ናት።

1. ግጥማችን

የሰው ዘፈን ዝም ብሎ ወስዶ ቪዲዮ ሠርቶ ማሰራጨት አይቻልም። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዘፈኑ ባለቤት መብት ተጠብቋል። ስለዚህ የራሳችንን ግጥም ጻፍን። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

ከፊራ ሲነጋ፣ ገበያው ሲነቃ፣
ለትምህርት እንውጣ፣ እንቅልፉ አበቃ።

ከፊራን የማያውቅ እዚህ የለም፤ ሰፈራችን ያለው ትልቁ ገበያ ነው። ግጥሙን ሁለት ስንኝ ብቻ ያደረግነው ትንንሾቹ ቶሎ እንዲይዙት ብለን ነው። ከበሮ የሚመታው ልጅ የስልክ ሜትሮኖም በጆሮው እየሰማ በደቂቃ 100 ምት መታ። መጀመሪያ 8 ምት ከበሮ ብቻ ይሰማል፣ ከዚያ ዘፈኑ ይገባል።

2. ፊደል መቁጠር ወይስ ድምፅ መቁጠር?

አሁን ዋናው ትምህርት መጣ። እስኪ አዝማቹን በአራት እንክፈለውና ፊደሎቹን እንቁጠር፦

ከፊራ ሲነጋ — 6 ፊደል
ገበያው ሲነቃ — 7 ፊደል
ለትምህርት እንውጣ — 10 ፊደል
እንቅልፉ አበቃ — 8 ፊደል

ቁጥሩ አንድ አይደለም። ስንዘፍነው ግን አራቱም እኩል ጊዜ ይወስዳሉ። እንዴት? አገጫችሁ ሥር መዳፋችሁን አድርጉና ቀስ ብላችሁ በሉት። አገጫችሁ ወደ ታች የወረደበትን ቁጠሩ። «ከ-ፊ-ራ-ሲ-ነ-ጋ» ስድስት ጊዜ ይወርዳል። «ለ-ትም-ህርት-እን-ው-ጣ» ስትሉም ስድስት ጊዜ ነው። እነዚህ በአንድ ጊዜ የሚወጡ የቃል ቁራጮች ክፍለ ቃል ይባላሉ። አራቱም የግጥሙ ክፍሎች ስድስት ስድስት ክፍለ ቃል አላቸው። ስድስትና ስድስት ሆኖ የሚሄደውን ግጥም የአማርኛ መምህራችን «የወል ቤት» ይባላል ብለውናል።

ልዩነቱ የመጣው ከሳድስ ነው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን ስንሄድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ አናባቢ ስላለው ብቻውን አንድ ክፍለ ቃል ይሆናል። ስድስተኛው፣ ሳድስ፣ ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። «ትምህርት» የሚለው ቃል አምስቱም ፊደሎቹ ሳድስ ናቸው፤ ስንናገረው ግን «ትም-ህርት» ብለን በሁለት እንጨርሰዋለን። «እንቅልፉ» ውስጥ ያለው «ን» ከ«እ» ጋር ተጣብቆ ይወጣል፣ «ቅ» ግን አናባቢ ይዞ አዲስ ክፍለ ቃል ይጀምራል። ሁለቱም ሳድስ ናቸው። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ አፍ ነው የሚነግረን።

በውጭ አገር ይህን ነገር ቀድመው የሠሩት የካርቱን ሠሪዎች ናቸው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ማክስ ፍሌሸር እና ወንድሞቹ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሕዝቡ አብሮ እንዲዘፍን ግጥሙን ስክሪን ላይ አውጥተው፣ በላዩ ላይ ነጭ ኳስ ያዘልሉ ነበር። ኳሷ የምትዘለው ከክፍለ ቃል ወደ ክፍለ ቃል ነበር። በእንግሊዝኛ ቃሉ ረጅም ከሆነ የት እንደሚቆረጥ ለማወቅ ያስቸግራል። እኛ ግን ዕድለኞች ነን፤ ሳድስን ብቻ ከተጠነቀቅን ፊደላችን ራሱ አብዛኛውን ቆርጦ ሰጥቶናል።

ሌላም ዕድል አለን። ቁርአን ቤት የሚማሩ ጓደኞቻችን እንደሚያውቁት የአረብኛ ፊደል እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከመሃል ከቆረጣችሁት መልኩ ይለወጣል። የእኛ ፊደል ግን አይያያዝም። «ትም»ን ለብቻ፣ «ህርት»ን ለብቻ ብትጽፉና ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ቃሉ ምንም አይሆንም። ይህን ከታች እንጠቀምበታለን።

3. ሒሳቡ

በደቂቃ 100 ምት ካለ፣ አንዱ ምት ስንት ሰከንድ ነው? 60ን ለ100 ማካፈል ነው፤ 0.6 ሰከንድ። ግማሽ ምት 0.3 ሰከንድ ይሆናል።

አሁን እያጨበጨባችሁ ዘፈኑን በሉት። በመጀመሪያው ጭብጨባ «ከፊ»፣ በሁለተኛው «ራ»፣ በሦስተኛው «ሲነ»፣ በአራተኛው «ጋ»። ማለትም አጭር-አጭር-ረጅም፣ አጭር-አጭር-ረጅም ነው። አራት ጭብጨባ 2.4 ሰከንድ ይሆናል። መጀመሪያ ያለው የ8 ምት ከበሮ ደግሞ 8 ሲባዛ በ0.6፣ 4.8 ሰከንድ ነው። ስለዚህ «ከ» የሚወጣው 4.8 ላይ ነው። ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍኩት፦

ከ 4.8 / ፊ 5.1 / ራ 5.4 / ሲ 6.0 / ነ 6.3 / ጋ 6.6
ገ 7.2 / በ 7.5 / ያው 7.8 / ሲ 8.4 / ነ 8.7 / ቃ 9.0
ለ 9.6 / ትም 9.9 / ህርት 10.2 / እን 10.8 / ው 11.1 / ጣ 11.4
እን 12.0 / ቅል 12.3 / ፉ 12.6 / አ 13.2 / በ 13.5 / ቃ 13.8

ይህን ሰንጠረዥ ሳትሠሩ ስልክ አትንኩ። በጆሮ ብቻ እየገመቱ ማስቀመጥ ለአንድ ቃል ይሠራል፣ ለሃያ አራት ቁራጭ ግን አይሠራም።

4. ለምን የታይፕራይተር አኒሜሽን አይሆንም?

ብዙ ልጆች የሚመርጡት ፊደሉን አንድ በአንድ የሚያወጣውን አኒሜሽን ነው። ቀላል ነው፤ ስንኙን ትጽፋለህ፣ አኒሜሽኑን ትመርጣለህ፣ አለቀ። ችግሩ ግን ስልኩ የሚያውቀው ፊደል እንጂ ክፍለ ቃል አይደለም። ሁሉንም ፊደል እኩል ያካፍለዋል።

«ለትምህርት እንውጣ»ን እንውሰድ። 10 ፊደል በ2.4 ሰከንድ ሲካፈል በየ0.24 ሰከንዱ አንድ ፊደል ይወጣል። የመጨረሻው «ጣ» ብቅ የሚለው 11.76 ላይ ነው። ዘፋኙ ግን «ጣ»ን ያለው 11.4 ላይ ነበር። 0.36 ሰከንድ ዘገየ፤ ከግማሽ ምት በላይ ማለት ነው። ይህን ያየ የ1ኛ ክፍል ልጅ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ «አቦ፣ ቃሉ ዘገየ!»

5. ስልክ ላይ አሠራሩ

እኛ የተጠቀምነው CapCut የሚባለውን ነው። በሌላ አፕም ሐሳቡ ያው ነው።

መጀመሪያ ጥቁር ሰማያዊ ባዶ ጀርባ አስገቡ፣ ከዚያ የዘፈኑን ድምፅ። ድምፁን ነክታችሁ Beats የሚለው ውስጥ ከገባችሁ ምቶቹ ላይ ነጥብ ማድረግ ይቻላል። ነጥቦቹ ደብተራችሁ ላይ ካለው ቁጥር ጋር መገጣጠማቸውን እዩ። የመጀመሪያው የከበሮ ምት ድምፁ ሲጀምር ወዲያው ካልሆነ፣ ማለትም ከፊቱ ትንሽ ዝምታ ካለ፣ ዝምታውን ቆርጣችሁ ጣሉት። አለዚያ ሁሉም ቁጥር በዚያች ልክ ይሳሳታል።

ቀጥሎ Text ብላችሁ «ከፊራ ሲነጋ» የሚለውን ሙሉውን በግራጫ ጻፉ። ይህን ከላይ አስቀምጡት። «ገበያው ሲነቃ»ንም በግራጫ ከሥሩ አድርጉ። ሁለቱም ዘፈኑ ከመግባቱ አንድ ምት ቀድመው፣ 4.2 ላይ ይውጡ። ግራጫው ለማንበብ ነው፤ ልጁ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ያያል።

ከዚያ ቢጫዎቹን ሥሩ። «ከ»ን ብቻዋን በቢጫ ጻፉና በግራጫው «ከ» ላይ በትክክል ደርቧት። መጠኗ እኩል ይሁን። ከዚያ «ፊ»ን፣ ከዚያ «ራ»ን። ፊደላችን ስለማይያያዝ ቁራጮቹ ግራጫው ላይ ልክ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ቢጫ በየሰዓቱ ይጀምራል፣ ሁሉም ግን አብረው ያበቃሉ፤ የመጀመሪያው መስመር 7.2 ላይ፣ ሁለተኛው 9.6 ላይ።

አሁን አንድ ብልሃት። ከታች ያለው «ገበያው ሲነቃ» እየተዘፈነ ሳለ ከላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው። አንድ ምት ቆይታችሁ፣ 7.8 ላይ፣ «ለትምህርት እንውጣ»ን በግራጫ እላይ አውጡት። ልጆቹ ታችኛውን እየዘፈኑ ላይኛውን በዓይናቸው ጠቀስ ያደርጉታል። ሁለቱን መስመር አንድ ላይ አጥፍታችሁ አንድ ላይ ብታወጡ ግን 9.6 ላይ ሳያነቡ መዝፈን ሊኖርባቸው ነው። ታችኛውም እንዲሁ ነው፤ «እንቅልፉ አበቃ» በግራጫ 10.2 ላይ ይወጣል።

ሃያ አራት ቁራጭ ብዙ ሥራ ነው፣ እውነት ነው። ስለዚህ በክፍለ ቃል የምንሠራው አዝማቹን ብቻ ነው። አንዴ ከተሠራ ለሚቀጥለው ድግግሞሽ መገልበጥ ይቻላል። ሌላውን ግጥም በቃል በቃል ነው ያደረግነው፤ የመጀመሪያው ቃል በአንደኛው ጭብጨባ፣ ሁለተኛው ቃል በሦስተኛው ጭብጨባ ይወጣል።

6. ፊደሉ ምት ላይ «ይድረስ» እንጂ «አይነሳ»

ቢጫው ብቅ ሲል ትንሽ ዘለል እንዲል Animation ውስጥ ገብታችሁ In ከሚለው አንዱን ትመርጣላችሁ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አኒሜሽኑ ጊዜ ይወስዳል። ግማሽ ሰከንድ የሚቆይ ከሆነና ምቱ ላይ ካስጀመራችሁት፣ ፊደሉ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ምቱ ካለፈ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ነው። ያኔ ዘፋኙ «ፊ»ን አልፎ ሄዷል።

ኳስ መሬት ስትነካ ነው «ጧ» የምትለው፤ ከእጅ ስትለቀቅ አይደለም። ፊደሉም እንደዚያ ነው። ምቱ ላይ መድረስ አለበት። ስለዚህ የአኒሜሽኑን ጊዜ ወደ 0.2 ሰከንድ አሳጥሩትና የቢጫውን መነሻ በ0.2 ቀድሙት። «ከ» 4.6 ላይ ይነሳና 4.8 ላይ ይደርሳል። «ፊ» 4.9 ላይ ይነሳና 5.1 ላይ ይደርሳል። ደብተራችሁ ላይ ካለው ቁጥር ሁልጊዜ 0.2 መቀነስ ነው።

ስልኩ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድና በፍሬም ነው። ቪዲዮው በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ፣ አንድ ምት 18 ፍሬም፣ ግማሹ 9 ፍሬም፣ 0.2 ሰከንድ ደግሞ 6 ፍሬም ነው። ሁሉም ሙሉ ቁጥር ስለሚወጣ ለመቁጠር አያስቸግርም። በደቂቃ 100 ምት የመረጥነው ለዚህም ጭምር ነው። Export ስታደርጉም 30 መሆኑን እዩ።

7. የፊደሉ መልክ

አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። አንድ ቃል እንዲጎላ ከፈለጋችሁ በመጠን ወይም በቀለም ነው። ነገር ግን ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ምልክቶች ነው። «መጣ» እና «መጡ» የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው፤ አንዱ አንድ ሰው ነው፣ ሌላው ብዙ ሰዎች። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚሽከረከር ወይም የሚደበዝዝ አኒሜሽን መጀመሪያ የሚያጠፋው እነዚያን ጭረቶች ነው። ወፍራም ጠርዝ ስታደርጉም የ«ጠ» እና የ«ጨ» ውስጡ ይሞላና ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላል። ጠርዙን ቀጭን አድርጉ፣ ወይም ተዉት።

አፑ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ጌጠኛ ፎንቶች የእኛን ፊደል አልያዙም። ፎንቱን ስትቀይሩ ፊደሉ ካልተቀየረ ስልኩ በራሱ ፊደል ተክቶታል ማለት ነው። ባዶ ሳጥን ከወጣም ምክንያቱ ያው ነው። አፓችሁ ፎንት ከውጭ የሚቀበል ከሆነ Noto Sans Ethiopic ነፃ ነው፤ ወፍራም ዓይነትም ስላለው ከሩቅ ይነበባል። ለመፈተን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁሙና አምስት እርምጃ ሂዱ። «ሲነጋ»ን ማንበብ ካልቻላችሁ 1ኛ ክፍልም ከኋላ ወንበር አያነበውም።

8. ሲበላሽ ምን እንደተበላሸ በምን ይታወቃል?

ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ሦስት ቦታ ላይ እዩት፤ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል ልክ ከቀደመ ወይም ከዘገየ፣ መነሻው ነው የተሳሳተው። ድምፁን ወይም ፊደሎቹን በሙሉ በአንድ ላይ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

መጀመሪያው ልክ ሆኖ እየቆየ የሚሸሽ ከሆነ፣ የምቱ ፍጥነት ነው የተሳሳተው። ለምሳሌ ከበሮው በእውነት የተመታው በደቂቃ 98 ሆኖ እናንተ 100 ብላችሁ አስልታችኋል እንበል። የእውነተኛው ምት ርዝመት 0.612 ሰከንድ ገደማ ነው። ልዩነቷ በአንድ ምት አትታይም። ከ50 ምት በኋላ ግን 0.6 ሰከንድ ትሆናለች፤ ቃሉ ከዘፋኙ አንድ ሙሉ ምት ቀድሞ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ምት ስትቆጥሩ 10 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ6 አታባዙ። አንዷን ምት ብትስቱ በ6 ትባዛለች። ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከበሮው ያለ ሜትሮኖም ከተመታ ደግሞ እየፈጠነና እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ሒሳቡ አይሠራም፤ Beats ውስጥ ምቱን አንድ በአንድ በጆሮ ማስቀመጥ ግድ ነው።

አንድ ቃል ብቻ ከሳተ ያቺ ቁራጭ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳድስ ያለባት ናት። መዳፋችሁን ወደ አገጫችሁ መልሱ።

የመጨረሻው ከቪዲዮው ውጭ ያለ ነው። በብሉቱዝ ስፒከር ድምፁ ከምስሉ ዘግይቶ ይሰማል። ስልኩ ላይ ልክ የነበረው ሥራ ሰልፍ ላይ የተሳሳተ ይመስላል። ስትሠሩ ገመድ ያለው ማዳመጫ ተጠቀሙ፤ ስታሳዩም ስፒከሩን በገመድ አገናኙ።

መልመጃ

ለአዝማቹ የሚቀጥል ስንኝ እየጻፍን ነው። ግማሹ ይኸውላችሁ፦ «ሰኞ ጠዋት በሰልፍ»። ስንት ፊደል ነው? ስንት ክፍለ ቃልስ? ከአዝማቹ ጋር በአንድ ምት ይሄዳል ወይስ አይሄድም? መልሱ ከታች በትንሹ ተጽፏል፤ መጀመሪያ ግን መዳፋችሁን ተጠቀሙ። ሌላውን ግማሽ የጻፈ ተማሪ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ሣጥን ያስገባ፤ ስድስት ክፍለ ቃል ከሆነ ቪዲዮው ውስጥ እናስገባዋለን።

መልስ፦ 9 ፊደል፣ 6 ክፍለ ቃል፤ ሰ-ኞ-ጠ-ዋት-በ-ሰልፍ። አብሮ ይሄዳል።